ዳማከሴ ወይስ በሶብላ? ጓሮን በስልክ ፎቶ መለየት

የጓሮ ቅጠል የሚያውቁ እናቶች ስሙን ከመጥራታቸው በፊት ቀንጠብ አድርገው፣ በጣታቸው አሽተው ያሸትቱታል። ባሕር ዳር የሚኖሩት አያትም ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ነው የለዩት። አዲስ አበባ ያለችው የልጅ ልጃቸው ግን የጋራ መኖሪያ ቤታቸው ግቢ ውስጥ የበቀለውን ሁሉ ፎቶ እያነሣች በቴሌግራም ትልክላቸው ጀመር። ስልክ ሽታ አያደርስም። ስለዚህ አፍንጫቸው የሚያውቀውን ሁሉ ለልጅቱ ዓይን ማስተማር ነበረባቸው።

የመጀመሪያው ፎቶ ከሩቅ የተነሣ አረንጓዴ ቁጥቋጦ ነበር። «ከዚህማ ምን ይታየኛል የኔ እናት? ቅጠሉን ሳትቆርጪ፣ ከግንዱ ጋር እንዳለ ቀርበሽ አንሺልኝ» አሏት በድምፅ መልእክት። ቀጥሎም ጀርባውን ጠየቁ፤ ጠጉርና የደም ሥር መሰሉ መስመር ከፊቱ ይልቅ በጀርባው ጎልቶ ይታያልና። መጠኑን እንዲያውቁ ጣቷን ከጎኑ እንድታስጠጋ፣ ቀትር ላይ ሳይሆን ጥላ ሲሆን እንድታነሣም ነገሯት። ኃይለኛ ፀሐይ ቅጠሉን ያነጣዋል። ቴሌግራም ደግሞ ተራ ፎቶ ሲላክ ጥራቱን ይቀንሳል፤ ልጅቱ ይህን ስታውቅ ምስሉን File አድርጋ መላክ ያዘች። ያኔ የቅጠሉ ጠርዝ ጥርስ እንኳ ሳይደበዝዝ ደረሰ።

ጤና አዳም አላስቸገረም። ቅጠሉ የተከፋፈለ፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ አረንጓዴ ነው፤ አበባው ቢጫ፣ ጠርዙ የተተለተለ። አያትየው ግን ስሙን ከመናገራቸው በፊት «ቅጠሉን ከብርሃን ፊት ለፊት ይዘሽ አንሺው» አሉ። በምስሉ ላይ በመርፌ የተወጋጋ የሚመስል ነጠብጣብ ታየ፤ እነዚህ ሽታውን የሚሰጡት የዘይት ከረጢቶች ናቸው። ልጅቱ በዓይኗ የሽታውን መኖሪያ አገኘች። የቅጠሉ ጭማቂ ቆዳ ላይ ቆይቶ ፀሐይ ካገኘው ሊያቃጥልና ውኃ ሊያስቋጥር ስለሚችል እጇን እንድትታጠብም አሳስበዋታል።

ፈተናው የመጣው በዳማከሴና በበሶብላ ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። የሁለቱም ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ትይዩ ይወጣል፤ አንዱ ጥንድ ከበታቹ ካለው ጋር መስቀል ይሠራል። ግንዳቸው በጣት ሲዳሰስ አራት ማዕዘን ነው። አበባቸውም በዘንጉ ላይ ደረጃ በደረጃ ይደረደራል። ልጅቱ የላከችው ቡቃያ ገና አንድ ስንዝር ነበርና አያትየው ወዲያው አልፈረዱም።

«ከርሞ የሚቆይ እንጨት ነው ወይስ ዘንድሮ የተዘራ?» ብለው ጠየቁ። በሶብላ ዘር ሰጥቶ በዓመቱ ይደርቃል፤ ቁመቱም ከጉልበት ብዙም አያልፍ። ቅጠሉ ለስላሳ፣ ጠርዙ እምብዛም ጥርስ የሌለው ነው፤ ግንዱና የአበባው ዘንግ ብዙ ጊዜ ወይን ጠጅ ይነካዋል። ደርቆ በርበሬና ሽሮ ውስጥ የሚገባው ይህ ነው። ለምች የሚታሸው ዳማከሴ ግን ከዓመት ዓመት የሚኖር ቁጥቋጦ ነው፤ እግሩ እንጨት ይሆናል፣ ሲተዉት ከሰው ቁመት ያልፋል። ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ጠጉራም፣ ጠርዙም ጥርሳም ነው። ልጅቱ ጀርባውን አቅርባ ስታነሣ ጠጉሩ ታየ፤ ጥርሱም ተቆጠረ። ዳማከሴ ሆነ።

ቅቤ ሲነጠር የሚገባው ኮሰረትም ከእነዚህ ጋር ይምታታል። ቅጠሉ ሻካራና የተጨማደደ ነው። ቁርጡን የሚናገረው ግን አበባው ነው፤ በረጅም ዘንግ አይደረደርም፤ ከቅጠሉ ብብት ሥር እንደ ትንሽ ቁልፍ ተጠቅልሎ ይወጣል። ስለዚህ አበባ ያላወጣን ኮሰረት አያትየው «ይቆይ» ይላሉ፤ ልጅቱም ፎቶውን ስም ሳትጽፍበት ታስቀምጠዋለች።

አንድ ቀን በክረምት ከጤና አዳሙ አጠገብ ያልተከለ ነገር በቀለ። ቅጠሉ ሰፊ፣ ጠርዙ ወጣ ገባ፣ አበባው ነጭ ጡሩንባ መሰል፤ ፍሬው እሾሃም። አያትየው በዚህ ጊዜ የድምፅ መልእክት አልላኩም፤ ለልጃቸው ደወሉ። አስተናግር ነበር። ዘሩም ቅጠሉም መርዝ ነው፤ የበላውን ያቃዣል፣ ሊገድልም ይችላል። እናትየው በጓንት ነቅላ ከነፍሬው አስወገደችው።

ከዚያ ወዲህ በአያትና በልጅ ልጅ መካከል አንድ ደንብ ጸንቷል፦ በፎቶ ስም ይወጣል እንጂ የሚጠጣ ቅጠል አይፈቀድም። ዳማከሴውን ለምች ከመጭመቃቸው በፊት ቀንበጡ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ አጎቷ እጅ ተላከ፤ አያትየው አሽተው፣ አሽትተው «ይሁን» እስኪሉም ማንም አልነካውም።