የዕቃ ገምጋሚን ቪዲዮ በአራት ዓምድ ስለ መመዝገብ

በጣና ዳር አትክልት ለሚያለማ ዘመዱ የውሃ መሳቢያ ሞተር ሊገዛ ያሰበ አንድ የባሕር ዳር ወጣት ሠራተኛ አስቀድሞ በዩቲዩብ የገምጋሚ ቪዲዮ ይመለከታል እንበል። በወረቀቱ ላይ ለጥቅም፣ ለጉድለት፣ ለዋጋና ለከፋይ አራት ዓምድ ያስምር፤ በያንዳንዱም ቃል አጠገብ የተነገረበትን ደቂቃ ይጻፍ።

ገምጋሚው «ውሃ 30 ሜትር ያነሣል» ቢል፣ ሞተሩን አስነሥቶ ካልለካ ነገሩ የፋብሪካው ቃል ነውና «ተባለ» ተብሎ ይያዝ። ደግሞም ከ30 ሜትሩ አብዛኛው ወደ ላይ የሚገፋው ነው። ከታች የሚስበው ግን በባሕር ዳር ከፍታ፣ ሞተሩ ምንም ቢበረታ፣ ከ8 ሜትር ብዙም አያልፍም። ገምጋሚው ይህን ካላነሣ በጉድለት ዓምድ «ሳይነገር የቀረ» ተብሎ ይገባል።

ከዋጋው ጋር ቪዲዮው የወጣበት ቀን ይጻፍ። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ ከዚያ በፊት የተጠራ የብር ዋጋ ለዛሬ ገዢ አይበጅም።

አስቸጋሪው የከፋዩ ዓምድ ነው። ገምጋሚው ክፍያ መቀበሉን ለዩቲዩብ ካስታወቀ፣ ምልክቱ በመጀመሪያዎቹ 10 ሴኮንዶች በምስሉ ላይ ታይቶ ይጠፋል። በድምፅ ስለማይነገር የንግግሩን ጽሑፍ ብቻ የሚያነብ ሰው አያገኘውም። ከቪዲዮው ሥር ያለው መግለጫም ይከፈት፤ የቅናሽ ኮድ ወይም የሻጭ ማስፈንጠሪያ ካለ ይመዝገብ፤ ሞተሩ በነፃ የተሰጠ እንደ ሆነም እንዲሁ። ሁሉ ተፈልጎ ምንም ካልተገኘ የሚጻፈው «አልተገለጸም» እንጂ «ከፋይ የለም» አይደለም።