ወንበር የሚያዝባቸው አሥር ደቂቃዎች

ለቅዳሜ ትያትር ትኬት የሚቆርጥ ሰው ስልኩ ላይ የአዳራሹን የወንበር ካርታ ያያል። ከላይ መድረኩ አለ፤ ከሥሩ ትንንሽ ሣጥኖች በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። አረንጓዴው ክፍት ነው፣ ግራጫው ተሽጧል፣ ቢጫው ደግሞ «ተይዟል» ይላል። ካርታው ያለውን አዳራሽ የሚያሳይ ይመስላል እንጂ የሚያሳየው ከጥቂት ሰከንዶች በፊት የነበረውን ነው። እርስዎ ረድፉን እየመረጡ ሳሉ ሌላ ሰፈር ያለ ሰው ያንኑ ወንበር ነክቶት ሊሆን ይችላል፤ ስልክዎ ላይ ያለው አረንጓዴ ግን ገና አልሰማም።

በዚህ ጽሑፍ የምናየው ቢጫውን ነው። በብሔራዊ ትያትርም ሆነ በሀገር ፍቅር ለብዙ ዘመን ትኬት የተሸጠው በመስኮት ነበር፤ ገንዘቡ ሲገባ ትኬቱ ይወጣል፣ በሁለቱ መካከል ምንም ክፍተት የለም። ትኬት በስልክ ሲሸጥ ግን ወንበር መምረጥና ገንዘብ መክፈል በደቂቃዎች ይራራቃሉ። ገዢው ከካርታው ወጥቶ ወደ ቴሌብር ወይም ወደ ባንኩ መተግበሪያ ይገባል፣ ሂሳቡን ያያል፣ የሚስጥር ቁጥሩን ይጽፋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ወንበሩ ለሌላ ሰው እንዳይሸጥ፣ ገዢው ትቶት ቢሄድም እንደተቆለፈ እንዳይቀር፣ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ብቻ ይያዝለታል።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል። አንዲት ሴት ቦሌ ሆና ረድፍ ሐ ላይ 12 እና 13ን ትመርጣለች። በዚያው ሰከንድ ፒያሳ ያለ አንድ ወጣት ከዚያው ረድፍ 13 እና 14ን ይመርጣል። ሁለቱም ካርታ ላይ 13 አረንጓዴ ነው። ሲስተሙን የሠራው ሰው ነገሩን በሁለት እርምጃ ከፍሎት ከሆነ፣ ማለትም መጀመሪያ «ክፍት ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ቀጥሎ «ያዘው» ብሎ የሚጽፍ ከሆነ፣ ጉዳዩ እዚህ ላይ ይበላሻል። ሁለቱም ጥያቄዎች «አዎ፣ ክፍት ነው» የሚል መልስ ያገኛሉ፤ ከዚያ ሁለቱም ይጽፋሉ፤ ኋላ የጻፈው የፊተኛውን ስም ይሰርዛል። ሴትየዋ ግን 13 የእርሷ እንደሆነ ስልኳ ነግሯታል።

ይህ ስህተት ሲሞከር አይታይም። አንድ ሰው ቢሮ ተቀምጦ እየነካካ ቢፈትነው ሺህ ጊዜ በትክክል ይሠራል። የሚወጣው ተወዳጅ ትያትር ሽያጭ የከፈተ ቀን፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ጥያቄውንና ጽሕፈቱን አንድ ትእዛዝ አድርጎ፣ ዳኝነቱን ለዳታቤዙ መተው ነው። በሴትየዋ ስም የሚሄደው ትእዛዝ ይህን ይመስላል፦

```sql
UPDATE seats
SET holder = 'A', hold_until = now() + interval '10 minutes'
WHERE show_id = 41 AND seat IN ('ሐ12','ሐ13')
  AND sold = false
  AND (hold_until IS NULL OR hold_until < now());
```

ትእዛዙ የሚለው ይህን ነው፦ በዚህ ትርኢት ላይ እነዚህን ሁለት ወንበሮች ለእርሷ ያዝ፣ ግን ያልተሸጡና በሌላ ሰው ያልተያዙ ከሆኑ ብቻ። ዳታቤዙ አንዱ ጽፎ እስኪጨርስ በዚያው ወንበር ላይ የመጣውን ሌላውን ያቆመዋል፤ ተራው ሲደርስም ሁኔታውን እንደገና ያያል። ሲጨርስ ስንት ወንበር እንደያዘ በቁጥር ይመልሳል። የሴትየዋ ቀድሞ ደረሰ እንበል፤ ለእርሷ 2 ይመለሳል። ለወጣቱ የሚመለሰው 1 ነው፤ 14 ተገኝቷል፣ 13 ግን የለም። ያን ጊዜ ሲስተሙ የወጣቱን ትእዛዝ በሙሉ መሰረዝ አለበት። አለዚያ ማንም ሳይፈልገው 14 ቢጫ ሆኖ አሥር ደቂቃ ይቆያል፤ ወጣቱም አንድ ወንበር ብቻ ይዞ ከጓደኛው ይለያያል። ሁለት ወንበር የጠየቀ ሰው ሁለቱንም ያገኛል፣ ወይም ምንም አይያዝለትም።

የመጨረሻውን መስመር ልብ ይበሉ። የመያዣው ማብቂያ ሰዓት ወንበሩ መዝገብ ላይ ተጽፏል፤ ሰዓቱ ካለፈ ወንበሩ ማንም ሳይነካው በራሱ ክፍት ሆነ ማለት ነው። ሌላ መንገድ የሚከተሉም አሉ፤ በየደቂቃው ተነሥቶ ያለፈባቸውን ወንበሮች የሚፈታ ፕሮግራም ያቆማሉ። ያ ፕሮግራም አንድ ሌሊት ከቆመ ቢጫዎቹ ቢጫ እንደሆኑ ይቀራሉ። ካርታው «ሞልቷል» ይላል፣ ቅዳሜ መጋረጃው ሲከፈት ግን መሐል ረድፍ ላይ ባዶ ወንበሮች ይታያሉ። የአዳራሹ ሰዎች ይህን ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልጋቸውም። ማንም ትኬት በማይቆርጥበት ሌሊት ካርታውን ከፍቶ ማየት ይበቃል፤ በዚያ ሰዓት ብዙ ቢጫ ካለ የማይፈታ መያዣ አለ ማለት ነው።

ሰዓቱም የሰርቨሩ መሆን አለበት እንጂ የገዢው ስልክ አይደለም፤ ስልክ ወደፊትም ወደኋላም ሊሆን ይችላል። እኛ ዘንድ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ገጹ ለገዢው «እስከ 8፡10 ይክፈሉ» ቢለው አዲስ አበባ ያለው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ብሎ ሊረዳው ይችላል፤ ዋሽንግተን ሆኖ ለእናቱ ትኬት የሚቆርጠው ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ያውም በራሱ አገር ሰዓት ያስበዋል። ስለዚህ ሰዓት ከመጻፍ ይልቅ «6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ቀርቶዎታል» ማለት ይሻላል። ይህ ለሁሉም አንድ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ፤ ገንዘቡ መንገድ ላይ ወዳለበት ሰዓት። ሴትየዋ አሥር ደቂቃዋ ሊያልቅ አርባ ሰከንድ ሲቀረው «ክፈል» የሚለውን ትነካለች። የሚስጥር ቁጥሯን ስትጽፍ ኔትወርኩ ይዘገያል። ገንዘቡ ከሂሳቧ የተቀነሰው አሥሩ ደቂቃ ካለፈ ከአምስት ሰከንድ በኋላ ነው። ክፍያውን የሚያስተላልፈው ድርጅት ለትያትር ቤቱ ሰርቨር «ተከፍሏል» የሚል መልእክት ሲልክ 11 ደቂቃ ተኩል ሆኗል። በመካከሉ፣ መያዣው እንዳለፈ፣ ያ ወጣት ገጹን አድሶ 13ን አረንጓዴ አገኘው፤ ያዘው፣ ከፈለም። አንድ ወንበር፣ ሁለት ክፍያ። ሁለቱም ትክክለኛ ሥራ ሠርተዋል፤ በመልእክቱ መሠረት ዝም ብሎ ትኬት የሚያትም ሲስተም ደግሞ ለሁለቱም ትኬት ይሰጣል። ጠቡ የሚነሣው አዳራሹ ውስጥ፣ መብራት ሊጠፋ ሲል ነው።

የዚህ ችግር ምንጭ ሁለት የተለያዩ ዕድሜዎች መኖራቸው ነው። የወንበሩ መያዣ አንድ ዕድሜ አለው፤ ለክፍያ ድርጅቱ የተላከው የክፍያ ትእዛዝም የራሱ ዕድሜ አለው፤ ሁለቱ አይተዋወቁም። በእኔ እምነት ደንቡ አንድ ነው፤ ወንበሩ ከክፍያ ትእዛዙ ቀድሞ መፈታት የለበትም። «ክፈል» በተነካ ጊዜ የክፍያ ትእዛዙ አምስት ደቂቃ ብቻ እንዲቆይ ይላካል፣ የወንበሩ መያዣ ደግሞ ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ ሰባት ደቂቃ እንዲኖረው ይራዘማል። ሁለቱ ትርፍ ደቂቃዎች መልእክቱ ለሚዘገይበት ናቸው። ማራዘሚያው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አለዚያ አንድ ሰው «ክፈል»ን እየነካካ ወንበሩን እስከ ማታ ሊይዘው ይችላል። በዚህ ደንብ የቦሌዋ ሴት መያዣ እስከ 16 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይደርስ ነበር፤ በ11 ደቂቃ ተኩል የመጣው መልእክትም ወንበሩን በስሟ ያገኘዋል።

እንደዚያም ሆኖ የሚዘገይ መልእክት አይጠፋም። ሲመጣ ሰርቨሩ ሦስት ነገር ያያል። ወንበሩ አሁንም በከፋዩ ስም ከሆነ ይሸጥለታል። መያዣው አልፎ ወንበሩ ክፍት ከሆነ በዚያው ከላይ ባየነው ትእዛዝ እንደገና ተይዞ ይሸጥለታል። ሌላ ሰው ከወሰደው ግን ገንዘቡ ወዲያው ይመለሳል፣ ለገዢውም በአጭር መልእክት ይነገረዋል። አዳራሹ በር ላይ እስኪደርስ የሚጠበቅበት ምክንያት የለም። አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ ሊመጣም ይችላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የክፍያ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘገባል። የገዢው ስልክ «እናመሰግናለን» የሚለው ገጽ ላይ ደረሰ ማለትም ተከፍሏል ማለት አይደለም፤ ሰርቨሩ ራሱ የክፍያ ድርጅቱን ጠይቆ ማረጋገጥ አለበት።

አሥር ደቂቃ ለምን? ሦስት ደቂቃ ቢሆን ሂሳቡ ላይ ገንዘብ መጨመር ያለበት፣ ወይም ባለቤቱን ደውሎ የሚጠይቅ ሰው አይደርስበትም። ግማሽ ሰዓት ቢሆን ደግሞ ሊገዙ ያልቆረጡ ሰዎች አዳራሹን ይዘውት ይቀመጣሉ። ተፈላጊ ትርኢት ሲከፈት በመጀመሪያው ደቂቃ ካርታው በሙሉ ቢጫ ይሆናል። ያን ያዩ ብዙ ሰዎች አለቀ ብለው ይሄዳሉ፤ ግን ቢጫ ገና አልተሸጠም። ከያዙት ውስጥ ክፍያውን ሳይጨርሱ የሚተዉ አሉ፤ የተዉት ወንበር በአሥረኛው ደቂቃ ገደማ ተሰብስቦ ወደ አረንጓዴ ይመለሳል። ትዕግሥት ያለው ገዢ በዚያ ሰዓት ገጹን ቢያድስ ጥሩ ወንበር ሊያገኝ ይችላል።

ሆን ብሎ በፕሮግራም እየያዘ፣ በየአሥር ደቂቃው መልሶ የሚይዝ ቢኖርስ? ገደቡን በኢንተርኔት አድራሻ ማድረግ አይጠቅምም፤ በሞባይል ዳታ ብዙ ደንበኞች አንድ አድራሻ ሊጋሩ ስለሚችሉ አንዱን ሲከለክሉ ሌሎችንም ይከለክላሉ። በተረጋገጠ ስልክ ቁጥር መገደብ የተሻለ ነው፤ ለምሳሌ ለአንድ ቁጥር በአንድ ትርኢት ስድስት ወንበር፣ ሳይከፍል መያዝ የሚችለው ደግሞ ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ።

የቀረው መስኮቱ ነው። ብዙ ተመልካች ዛሬም በመስኮት ይገዛል፣ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው፤ ስማርት ስልክ የሌለው ሰው ከትያትር መቅረት የለበትም። ነገር ግን የመስኮቷ ሠራተኛ በታተመ ወረቀት ላይ እያጠቆረች ከሸጠች ከላይ የተባለው ጥንቃቄ ሁሉ ከንቱ ነው። እርሷም ከዚያው መዝገብ፣ በዚያው ትእዛዝ መሸጥ አለባት። ኔትወርክ የሚቆራረጥበት አዳራሽ ከሆነ ጥቂት ረድፎች ለመስኮት ብቻ ይተዋሉ፤ በስልክ ካርታው ላይም ከመጀመሪያው ዝግ ሆነው ይታያሉ።

ትርኢቱ 11 ሰዓት የሚጀምር ከሆነ በስልክ አዲስ ወንበር መያዝ 10 ሰዓት ላይ ይቆማል። በመጨረሻው ሰከንድ የያዘ ሰው አሥር ደቂቃ አለው፤ አሥሩ ሲያልቅ «ክፈል»ን ቢነካ ሰባት ይጨመርለታል። ስለዚህ ከ10፡17 በኋላ አንድም ቢጫ አይኖርም። የበሩ ዝርዝር 10፡20 ላይ ይታተማል፤ ያልተሸጡት ወንበሮች በሙሉ ለመስኮት ይለቀቃሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ የስልክ ክፍያ ወንበር አይፈለግለትም፣ ገንዘቡ ይመለሳል።