የውል ወረቀት ከመታመኑ በፊት፦ ምስክር፣ ፊርማ፣ ቀንና ምዝገባ እንዴት ይመረመራሉ?

በጋሞ ዞን ካምባና አካባቢዋ የበልግ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ማሳ የሚያከራይም የሚከራይም ወረቀት ይጽፋል። ውሉ በአማርኛ ይዘጋጃል፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይፈርማሉ፣ የቀበሌ ማኅተም ይመታበታል፣ ገንዘቡም በዚያው ዕለት ይቆጠራል። ወረቀቱ ሙሉ መስሎ ይታያል። ጉድለቱ የሚወጣው ክርክር ሲነሣ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ገንዘቡም ዘሩም አፈር ውስጥ ገብቷል።

ለምሳሌ እንዲህ ያለ ውል እንመልከት። አንዲት ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናት ግማሽ ሄክታር ማሳ «ከ2018 እስከ 2020 ዓ.ም. ለሦስት ዓመት» በ24 ሺህ ብር አከራይተዋል። ወረቀቱ ላይ አውራ ጣታቸውን አትመዋል። ምስክሮቹ አንድ ጎረቤትና ጎልማሳ ልጃቸው ናቸው። በግርጌው የቀበሌው ማኅተም አለ። ተከራዩ ሙሉ ክፍያውን ፈጽሞ በቆሎ ሊዘራ ተዘጋጅቷል። ይህ ውል ያስተማምነዋልን?

ከአውራ ጣቱ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነውና። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 መፈረም የማይችል ሰው የጣት አሻራውን እንዲያደርግ ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ዐይነ ስውር የሆነ ወይም ማንበብ የማይችል ሰው በፊርማው ወይም በአሻራው የሚገደደው በዳኛ ወይም ውል የማዋዋልና የመመዝገብ ሥልጣን ባለው ሹም ፊት ተረጋግጦ ሲገኝ ብቻ መሆኑን ይኸው አንቀጽ ይደነግጋል። በደጃፍ፣ በጎረቤት ፊት የተደረገ አሻራ ይህን አያሟላም። እናትየዋ ነገ «ምን እንደተጻፈ አላወቅሁም» ቢሉ ሕጉ ከእርሳቸው ጋር ይቆማል፤ መቆሙም ተገቢ ነው፣ ወረቀቱ በአማርኛ ተጽፎ እርሳቸው የሚናገሩት ጋሞኛ ብቻ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ውሉ በሥልጣን ባለው ሹም ፊት በሚያውቁት ቋንቋ ተነቦላቸው፣ መነበቡም በወረቀቱ ላይ ተጽፎ አሻራቸውን ማድረግ አለባቸው።

ቀጥሎ ምስክሮቹ። ሕግ በጽሑፍ ይሁን ያለው ውል በተዋዋዮቹ መፈረምና በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ እንዳለበት አንቀጽ 1727 ይናገራል። ምስክሮቹ አካለ መጠን ያደረሱና በፍርድ ወይም በሕግ ያልተከለከሉ ሊሆኑ ይገባል። በቁጥር ረገድ ከላይ ያለው ወረቀት አልጎደለም። ችግሩ ልጁ የተቀመጠበት ቦታ ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ሲገለጥ የእናትየዋ ስም ብቻ ሳይሆን የሟች ባለቤታቸውም ስም ካለበት፣ ልጁ በመሬቱ ላይ የራሱ መብት ሊኖረው ይችላል። እንዲህ ከሆነ እርሱ ምስክር ሳይሆን ፈቃዱን የሚሰጥ ባለመብት ነው። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 በአንቀጽ 8 የኪራይ ውል በመሬቱ የመጠቀም መብት ያላቸውን አባላት ሁሉ ስምምነት እንዲያገኝ ደንግጎ ነበር፤ አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ቢተካም የባለመብቶችን ፈቃድ መጠየቅ ዛሬም የተከራይ የመጀመሪያ ሥራ ነው። «ምስክር» ተብሎ የተፈረመ ፊርማ ውሉ ሲደረግ ማየትን እንጂ መስማማትን አያሳይም። ስለዚህ ተከራይ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ደብተሩን ራሱ አይቶ በላዩ ያሉትን ስሞች ከውሉ ፈራሚዎች ጋር ማስተያየት አለበት፤ ባልና ሚስት በጋራ በተመዘገቡበት መሬት የአንዱ ፊርማ ብቻውን አይበቃም።

ቀኑ ቀላል ነገር ይመስላል። «ከ2018 እስከ 2020» የሚለው ግን በአገራችን የዘመን አቆጣጠር ወጥመድ አለበት። ዓመቱ ጳጉሜን ላይ ያልቃል፤ የመኸር ሰብል በዚያን ጊዜ ማሳ ላይ ነው፣ የሚታጨደውም በሚቀጥለው ዓመት ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። በ2018 በልግ የጀመረ ተከራይ የ2020ን መኸር ዘርቶ መስከረም ሲጠባ «ዘመንህ አልቋል» ሊባል ነው። አከራዩ ወረቀቱን ይዞ ይከራከራል፤ ተከራዩ ደግሞ «ሦስት ዓመት ነው ያልነው» ይላል። ሁለቱም ከአንድ ወረቀት ያነባሉ። መድኃኒቱ መነሻና መድረሻውን በዕለት መጻፍ ነው፤ «ከየካቲት 1 ቀን 2018 እስከ ጥር 30 ቀን 2021 ዓ.ም.» ቢባል ሦስቱም መኸር ይታጨዳል። የውሉ ርዝመትም ጣሪያ አለው። የቀድሞው የደቡብ ክልል አዋጅ ቁጥር 110/1999 ከአርሶ አደር ለአርሶ አደር የሚደረግ ኪራይን በ5 ዓመት ወስኖ ነበር፤ አሁን የሚሠራበትን የጊዜ ገደብ ከመፈረም በፊት ከወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መረዳት ያሻል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምዝገባው ነው። የቀበሌ ማኅተም ምዝገባ አይደለም። የገጠር መሬት ኪራይ የሚመዘገበው መሬቱን በሚያስተዳድረው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው። የተመዘገበ ውል የመዝገብ ቁጥር፣ የተመዘገበበት ቀንና የመዝጋቢው ሹም ስምና ፊርማ ይኖረዋል፤ አንድ ቅጂም በጽሕፈት ቤቱ ይቀራል። የሚያጠራጥር ወረቀት የያዘ ሰው ቁጥሩን ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ ቅጂውን ማስተያየት ይችላል። ጥቅሙ የሚታየው አንድ ማሳ ለሁለት ሰው ሲከራይ ነው። በቤት የተጻፈ ወረቀት ላይ የፈለጉትን ቀን መጻፍ ይቻላል፤ መዝገብ ላይ ግን ዛሬ የገባን ውል የአምና ማድረግ አይቻልም።

ወረቀቱ ኪራይ ተብሎ በውስጡ «እስከ ዘላለሙ» ወይም «መልሶ ላይጠይቅ» የሚል ቃል ካለበት ጉዳዩ ሌላ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ እንዲህ ያለውን ስምምነት ምስክርም ምዝገባም አያድነውም።

በካምባ ከተማ ቤት የሚገዛ ነዋሪ ደግሞ ሌላ መስመር ይከተላል። ቤት ይሸጣል፤ ነገር ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ያዝዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ እንዲህ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት እንደ ውል እንደማይቆጠር ወስኗል። ችሎቱ ኋላ በሌላ መዝገብ ሻጩ ውሉን መፈጸሙን ካልካደ አለመመዝገቡ ብቻውን ውሉን እንደማያፈርሰው ተናግሯል። ገዢ ግን ገንዘቡን ሻጩ ነገ በሚሰጠው የእምነት ቃል ላይ ማስቀመጥ የለበትም፤ የቤት ዋጋ ሲወደድ ውሉን የሚክድ ሻጭ ብርቅ አይደለም። ውሉ ከተመዘገበም በኋላ ሥራው አላለቀም። የቤቱ ማስረጃ በገዢው ስም እስኪዞር ድረስ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ባለቤት ሆኖ የሚታየው ሻጩ ነው፤ በዚህ መሐል ባለዕዳ ቢሆን አበዳሪው ቤቱን ሊያሳግድ ይችላል። ስለዚህ የክፍያውን የመጨረሻ ክፍል ስሙ ከዞረበት ቀን ጋር አያይዞ በውሉ ውስጥ ማስፈር ለገዢው የሚበጅ አካሄድ ነው።