ተጨማሪ መረጃ፦ የተማረከው ተዋጊ

እጁን የሰጠ ተዋጊ መብቱ በግጭቱ ዓይነት ይለያያል። ሁለት መንግሥታት ከተዋጉ ግጭቱ ዓለም አቀፍ ነው፤ ምርኮኛው በመዋጋቱ ብቻ አይከሰስም፤ ውጊያው ሲያበቃም ሳይዘገይ ወደ አገሩ ሊመለስ ይገባል። መንግሥት ከአማፂ ቡድን ጋር ሲዋጋ ግን የጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 3 ይሠራል። ማሰቃየትንና ያለ ፍርድ መግደልን ይከለክላል፤ የጦር ምርኮኛነትን ደረጃ ግን አይሰጥም። ስለዚህ ተዋጊው መሣሪያ በማንሳቱ በአገሩ ሕግ ሊከሰስ ይችላል። ትልቁ ልዩነት ይህ ነው።

በ1990 ዓ.ም. የፈነዳው የኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት ዓለም አቀፍ ነበር። ኤርትራ ስምምነቶቹን የተቀበለችው በነሐሴ 1992 ቢሆንም፣ የሁለቱ አገሮች የይገባኛል ጥያቄ ኮሚሽን ከዚያ በፊትም በልማዳዊ ሕግ ትገደድ እንደነበር ወስኗል። ኢትዮጵያም የመጨረሻዎቹን ምርኮኞች እስከ ኅዳር 1995 ድረስ በማዘግየቷ ግዴታዋን እንዳልተወጣች ፈርዷል።