ኢአርፒ ስታሻሽሉ ወደኋላ የምትመለሱበትን ሰዓት ቀድማችሁ ወስኑ

ሽያጭ፣ ስቶክና ሒሳብ የሚያዝበት እንደ ኦዱ ያለ ኢአርፒ ወደ አዲስ ቨርዥን ሲያድግ የዳታቤዙም አወቃቀር አብሮ ይቀየራል። ስለዚህ ነገር ቢበላሽ የድሮውን ሶፍትዌር መልሶ መጫን ብቻ አያድንም፤ ቀድሞ የተወሰደው ባክአፕ ዳታቤዙም ፋይሎቹም መመለስ አለባቸው።

እኛ የምንመክራችሁ መጀመሪያ በኮፒ ላይ እንድትሞክሩት ነው። አንድ ሽያጭ አስገቡና 15% ቫት በትክክል መታሰቡን፣ ዕቃው ከስቶክ መቀነሱን እዩ። ትሪያል ባላንሱም ከድሮው ጋር በሳንቲም መግጠም አለበት። ባክአፑን መመለስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅም ያኔውኑ ለኩ።

መመለሱ 3 ሰዓት፣ ማጣራቱ 1 ሰዓት ይፈጃል እንበል። ሥራ የሚጀመረው ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ የመጨረሻው የውሳኔ ሰዓት ሌሊት 10 ነው። ሽያጭ ከተጀመረ በኋላ ከተመለሳችሁ ግን በአዲሱ ላይ የተመዘገበው ሁሉ ይጠፋል፤ እንደገና በእጅ ማስገባት ነው።