የምኑ 20 በመቶ?

ከመማሪያ መጽሐፍ ላይ በስልክ ተነሥቶ የተላከ የመቶኛ መልመጃ ለወላጅ ሁለት ሥራ ይዞ ይመጣል፤ ጥያቄውን በትክክል ማንበብና ለልጁ በሚገባው መንገድ ማስረዳት። የመጀመሪያው ቀላል ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ፎቶው ደብዛዛ ከሆነ ግን የመቶኛ ምልክቱ (%) ራሱ ቁጥር ሊመስል ይችላል፤ 2.5% ነጥቡ ከጠፋበት ደግሞ 25% ሆኖ ይነበባል። የገጹ ጠርዝ ተቆርጦ ሲነሣ ከጥያቄዎቹ በላይ ያለው ትእዛዝ ይቀራል፤ ያኔ መልሱ በብር ይሁን በመቶኛ አይታወቅም። ጥያቄውን ከፎቶው ላይ በንጹህ ወረቀት ገልብጦ ልጁ ከመጽሐፉ ጮክ ብሎ እንዲያነበው ማድረግ እንዲህ ያለውን ስሕተት በአንድ ደቂቃ ያወጣዋል።

ከጥያቄው ፎቶ ሌላ ሁለት ፎቶዎች ቢጨመሩ ሥራው በእጅጉ ይቀላል። አንዱ ከመልመጃው በፊት መጽሐፉ ሠርቶ ያሳየው ምሳሌ ነው፤ መምህሩ የሚጠብቀው አሠራር እዚያ ላይ ይገኛል። ሌላው ልጁ በደብተሩ የሞከረው ነው። ተሰርዞም ቢሆን ይነሣ። ውጭ አገር ሆኖ በቴሌግራም ለሚያስረዳ ወላጅ በተለይ የደብተሩ ፎቶ ከሁሉም ይበልጣል፤ ልጁ ምን እንዳልገባው የሚናገረው እሱ ነውና።

ለምሳሌ በፎቶው ላይ ያለው ጥያቄ እንዲህ ይበል፦ «አንድ ነጋዴ ዋጋው 450 ብር የነበረውን ጫማ 20% ቅናሽ አድርጎ ሸጠ። ጫማው በስንት ብር ተሸጠ?» በደብተሩ ላይ ደግሞ 450 − 20 = 430 ተብሎ ተጽፏል። ልጁ መቀነስ እንዳለበት አውቋል፤ ቅናሽ የሚለው ቃል መርቶታል። የሳተው 20%ን እንደ 20 ብር መውሰዱ ላይ ነው። እዚህ ላይ «ተሳስተሃል» ብሎ አሠራሩን ከመጀመሪያው ማስተማር ብዙም አይረዳም። «የምኑ 20 በመቶ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ልጁ «የ450 ብር» ብሎ ከመለሰ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ካልመለሰ ግን ዋጋው 100 ብር የሆነ ጫማ 20% ቢቀነስለት ስንት ብር ይቀነሳል፣ 200 ብር የሆነውስ ተብሎ ይጠየቅ። 20 እና 40 የሚሉት መልሶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ 20% ሁልጊዜ 20 ብር እንዳልሆነ ልጁ ራሱ ያየዋል።

ቀጥሎ ሥዕል ይመጣል። በወረቀት ላይ አንድ ረጅም ሳጥን ይሣልና በአሥር እኩል ክፍሎች ይከፈል። ሳጥኑ በሙሉ የጫማው የቀድሞ ዋጋ ስለሆነ ከላይ «100%» ከታች ደግሞ «450 ብር» ይጻፍበታል። መቶ በመቶው ለአሥር ስለተከፈለ እያንዳንዱ ክፍል 10% ነው፤ 450 ብሩም ለአሥር ሲካፈል ለእያንዳንዱ ክፍል 45 ብር ይደርሳል። ወላጁ ሳይሆን ልጁ ራሱ በየክፍሉ 45 እያለ ቢጽፍ ይመረጣል፤ እጁ ሲሠራ ነው 10% ከ45 ብር ጋር የሚያያዝለት። ከዚያ 20% ስንት ክፍል እንደሆነ ይጠየቃል። ሁለት ነው፤ ሁለቱን በእርሳስ ያጠቁራቸዋል። የጠቆረው 90 ብር ቅናሹ ነው፤ ነጭ ሆነው የቀሩት ስምንት ክፍሎች ደግሞ ገዢው የከፈለው 360 ብር ናቸው።

ብዙ ልጆች 90 ላይ ደርሰው መልሱ ተገኘ ብለው ያቆማሉ። ስሌታቸው ልክ ነው፤ ያላስተዋሉት የጥያቄውን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ነው። ጥያቄው «ስንት ብር ተቀነሰ?» ሳይሆን «በስንት ብር ተሸጠ?» ይላል። ሥዕሉ ላይ የጠቆረውንና ያልጠቆረውን እያመለከቱ «ነጋዴው የተቀበለው የትኛውን ነው?» ብሎ መጠየቅ ለዚህ ይበቃል።

ሥዕሉ ከገባው በኋላ ወደ መጽሐፉ አሠራር መመለስ ያስፈልጋል፤ መምህሩ ደብተር ሲያርም የሚፈልገው እሱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይጻፋል፦

20/100 × 450 = 9000/100 = 90
450 − 90 = 360

ወላጁ ራሱ ተማሪ ሳለ በሌላ መንገድ ሠርቶት ሊሆን ይችላል። የሁለቱም መልስ አንድ ቢሆንም በአንድ ምሽት ሁለት ዓይነት ቀመር የሰማ ልጅ ይደናገራል። ስለዚህ በፎቶው ላይ ያለውን ምሳሌ መከተል ይሻላል፤ ለ100 ማካፈሉና በ20 ማባዛቱ ሳጥኑን ከፋፍሎ የሚፈለገውን ያህል ከመውሰድ የተለየ ነገር እንዳልሆነ ማሳየት ይበቃል።

አሥሩ ክፍሎች ለሁሉም ቁጥር አይመቹም። 15% ሲመጣ አንድ ክፍልና የሌላው ግማሽ ይወሰዳል፤ 45 ብር ከ22 ብር ከ50 ሳንቲም ጋር 67 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። 7% ከሆነ ግን ሥዕሉን ትቶ ወደ 1% መውረድ ነው። 450 ለ100 ሲካፈል 4 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፤ ሰባት ጊዜ ሲደመር 31 ብር ከ50 ሳንቲም ይሰጣል።

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄው ሲገለበጥ ነው፦ «አንድ ጫማ 20% ተቀንሶለት በ360 ብር ተሸጠ። የቀድሞ ዋጋው ስንት ነበር?» እዚህ ላይ ልጅ ብቻ ሳይሆን አዋቂም ይሳሳታል። የ360ን 20% አስልቶ 72 ያገኛል፤ ደምሮም 432 ብር ይላል። የሚሳተው ቅናሹ ከምን ላይ እንደተቆረጠ ባለመጠየቁ ነው። 20% የተቀነሰው ከቀድሞው ዋጋ ላይ እንጂ ከ360 ብሩ ላይ አይደለም። ያው ባለ አሥር ክፍል ሳጥን እንደገና ይሣላል፤ አሁን ግን 450 አይጻፍበትም፣ ገና አልታወቀምና። ሁለቱ ክፍሎች ይጠቁራሉ፤ 360 ብር የሚጻፈው በቀሩት ስምንት ነጭ ክፍሎች ሥር ነው። 360 ለስምንት ሲካፈል አንዱ ክፍል 45 ብር ይሆናል፤ አሥሩም ክፍሎች 450 ብር።

መልሱ ትክክል መሆኑን ልጁ ራሱ ሊያረጋግጥ ይችላል። ያገኘውን የቀድሞ ዋጋ ይዞ 20% ይቀንስለታል። 450 ላይ 90 ሲቀነስ 360 ይመጣል። 432 ብሎ የነበረ ከሆነ ግን የእሱ 20% 86 ብር ከ40 ሳንቲም ነው፤ ሲቀነስ የሚተርፈው 345 ብር ከ60 ሳንቲም ስለሆነ ጥያቄው ከሰጠው 360 ጋር አይገጥምም።