የመጀመሪያውን መስመር የገዛው ማን ነው?

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በኤፕሪል 2022 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ትሪቫጎ የተባለውን የሆቴል ዋጋ ማወዳደሪያ ድርጅት 44.7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣው። ድርጅቱ የሌለ ክፍል ሸጠ አልተባለም። ያስቀጣው በዋናነት የአቀማመጥ ጉዳይ ነው። በቴሌቪዥን ማስታወቂያው ርካሹን ዋጋ በቀላሉ ታገኛላችሁ እያለ፣ በገጹ ላይ ጎልቶ የሚታየውን ቦታ ሲሰጥ ግን ጠቀም ያለ ገንዘብ ወደሚከፍሉት ያደላ ነበር።

ነገሩ የአውስትራሊያ ብቻ አይደለም። ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት ለበዓል ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ትኬት ሲፈልግ እንደ ስካይስካነርና ካያክ ያሉ ገጾችን ይከፍታል፤ ዱባይ ለንግድ የሚሄድም ማደሪያውን በዚሁ መንገድ ያፈላልጋል። ቀኑንና ቦታውን ያስገባል፣ ረጅም ዝርዝር ይመጣለታል፣ ለዚህ አገልግሎት ግን ሳንቲም አይከፍልም። ታዲያ ለሺህ ሠራተኛ ደመወዝና ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚሆነው ገንዘብ ከየት ይመጣል? የትሪቫጎ ክስ ለዚህ ጥያቄ ከማንኛውም ማብራሪያ የተሻለ መልስ ይሰጣል፤ ምክንያቱም በተለምዶ ተሰውሮ የሚቀረው የደረጃ አሰጣጥ ስሌት በባለሙያዎች ተመርምሮ በችሎት ተነግሯል።

ትሪቫጎ በ2005 ጀርመን አገር ዱሰልዶርፍ ከተማ የተመሠረተ ድርጅት ነው። ራሱ ክፍል አይሸጥም። አንድን ሆቴል ሲፈልጉ፣ ያንኑ ሆቴል የሚሸጡ የተለያዩ የቦታ ማስያዣ ድርጅቶች፣ ለምሳሌ ቡኪንግና ኤክስፒዲያ፣ የሚጠይቁትን ዋጋ ጎን ለጎን ያሳያል። ከዋጋዎቹ አንዱን ሲጫኑ ወደዚያ ድርጅት ገጽ ይወስድዎታል። ገንዘቡ የሚገኘው እዚህች ቅጽበት ላይ ነው። እርስዎ ክፍሉን ያዙም አልያዙም፣ ክሊክ በማድረግዎ ብቻ ማስያዣ ድርጅቱ ለትሪቫጎ ይከፍላል። ለአንድ ክሊክ ስንት እንደሚከፍል የሚወስነው ራሱ ማስያዣ ድርጅቱ ነው፤ በሌላ አነጋገር ጨረታ ነው። ቤት የሚያከራይ ደላላ ኮሚሽኑን ከአከራዩ ብቻ የሚቀበል ቢሆን፣ ተከራዩን መጀመሪያ የትኛውን ቤት እንደሚያሳየው መገመት አያስቸግርም።

ጨረታው ውስጥ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በክሊክ ብዙ መክፈል የሚችለው ከእርስዎ ብዙ የሚያተርፈው ነው። ይህን በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተቀመጡ ናቸው። ሜልበርን ውስጥ ያለ አንድ ሆቴል አንዱን ክፍል በሁለት ማስያዣ ድርጅቶች በኩል ይሸጣል እንበል። የመጀመሪያው 180 ዶላር ይጠይቃል፤ ከሆቴሉ የሚያገኘው ኮሚሽን 15 በመቶ በመሆኑ ከአንድ ሌሊት 27 ዶላር ይቀረዋል። ሁለተኛው 192 ዶላር ይጠይቃል፤ ኮሚሽኑ 20 በመቶ ስለሆነ 38 ዶላር ከ40 ሳንቲም ያገኛል። ክሊክ ከሚያደርጉ አሥር ሰዎች አንዱ ክፍሉን ይይዛል ካልን፣ የመጀመሪያው ሳይከስር ለአንድ ክሊክ ሊከፍል የሚችለው ጣሪያ 2 ዶላር ከ70 ነው። ሁለተኛው ግን እስከ 3 ዶላር ከ84 ድረስ መሄድ ይችላል። እንግዲህ የመጀመሪያው 2 ዶላር፣ ሁለተኛው 3 ዶላር አቀረቡ።

አሁን ራስዎን በማወዳደሪያው ድርጅት ቦታ ያስቀምጡ። ርካሹን ከላይ ቢያደርጉት መቶ ሰው ይጫነዋል፣ 200 ዶላር ያገኛሉ። ውዱን ከላይ ቢያደርጉት ዋጋው ትንሽ ከፍ ስላለ ዘጠና ሰው ብቻ ይጫነዋል እንበል፤ ገቢዎ ግን 270 ዶላር ይሆናል። አሥር ተጠቃሚ አጥተውም 70 ዶላር አተረፉ። ተጓዡ ደግሞ በአንድ ሌሊት 12 ዶላር አብልጦ ከፈለ፤ ጎን ለጎን ካላየው በቀር ልብ የማይለው ልዩነት ነው።

ይህ ምሳሌ አንድ ሌላ ነገርም ያስረዳል። ከላይ የሚቀመጠው ዋጋ ከሁሉም የተጋነነው አይሆንም። ዋጋው በጣም ቢወደድ ሰው አይጫነውም፣ ካልተጫነ ደግሞ ጨረታው ዋጋ የለውም። ስለዚህ አድልዎው ሁልጊዜ ሰው በሚታገሰው መጠን ውስጥ ይቆያል። ለዓመታት ሳይነቃበት የሚኖረውም በዚህ የተነሳ ይመስለኛል። አሥራ ሁለት ዶላር ተበላብኝ ብሎ አቤት የሚል ሰው የለም፤ ገንዘቡ የሚታየው የሁሉም ሰው አንድ ላይ ሲደመር ነው።

የአውስትራሊያ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን ትሪቫጎን የከሰሰው በ2018 ነበር። የትሪቫጎ ገጽ በዚያን ጊዜ ለእያንዳንዱ ሆቴል አንድ ዋጋ በአረንጓዴ ፊደል አጉልቶ ያሳይ ነበር። የሌሎቹ ማስያዣ ድርጅቶች ዋጋ ጎን ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ይሰፍር ነበር፤ የቀሩት ደግሞ ተጨማሪ ዋጋዎችን የሚያሳየው ቁልፍ ካልተጫነ አይታዩም። አረንጓዴው ዋጋ እንዴት እንደሚመረጥ ሲመረመር፣ ስሌቱ ለክሊክ ክፍያው ከፍተኛ ክብደት እንደሚሰጥ ተረጋገጠ። ከዚህም በላይ፣ ለዚያ ቦታ ለመወዳደር የክሊክ ክፍያው ከተወሰነ መጠን ማለፍ ነበረበት። ዋጋው ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን፣ ለማወዳደሪያው የሚከፍለው ያነሰ ድርጅት ወደ አረንጓዴው ቦታ አይደርስም ማለት ነው። በችሎቱ ከቀረቡት ቁጥሮች ሁሉ የሚያስደነግጠው ይህ ነው፦ ከተመረመሩት የሆቴል ዝርዝሮች ውስጥ በ66.8 በመቶው፣ ከላይ የተቀመጠው ዋጋ ርካሹ አልነበረም።

ሌላም ዘዴ ነበረ። ከአረንጓዴው ዋጋ አጠገብ በቀይ የተሰረዘ ከፍ ያለ ዋጋ ይታያል፤ ያየው ሰው ያን ያህል ቅናሽ ያገኘ ይመስለዋል። ሲጣራ ግን አንዳንዴ የተሰረዘው ዋጋ የዚያው ሆቴል የቅንጦት ክፍል፣ አረንጓዴው ደግሞ የተራው ክፍል ዋጋ ሆኖ ተገኘ። ቅናሽ የሚባለው የሁለት የተለያዩ ክፍሎች የዋጋ ልዩነት ነበር።

ትሪቫጎ ስሌቱ ከዋጋ ሌላ ብዙ ነገር እንደሚያይ ተከራከረ። መከራከሪያው በመርህ ደረጃ ትክክል ነው፤ ቁርስ ያለበት ወይም ያለቅጣት የሚሰረዝ ክፍል ጥቂት ቢወደድም የተሻለ ሊሆን ይችላል። ችግሩ፣ ከላይ የተቀመጡት ውድ ዋጋዎች ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥቅም የሌላቸው መሆናቸው ነው። ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2020 ድርጅቱ ሸማቾችን እንዳሳሳተ ወሰነ፤ ይግባኙም በዚያው ዓመት ውድቅ ሆነ። ድርጅቱ ከ2016 መጨረሻ እስከ 2019 አጋማሽ አካባቢ ርካሽ ካልነበሩ ዋጋዎች ላይ ከተደረጉ ክሊኮች ወደ 58 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንዳገኘ አምኗል። ተጓዦቹ በበኩላቸው ወደ 38 ሚሊዮን ዶላር አብልጠው ከፍለዋል።

እስካሁን ያየነው በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን አድልዎ ነው። ከዝርዝሩ ውጭ የቀረው ደግሞ ጨርሶ አይታይም። በአውስትራሊያ የኤሌክትሪክ ዋጋ የሚያወዳድረው አይሴሌክት በ2020 8.5 ሚሊዮን ዶላር የተቀጣው፣ ያሉትን አማራጮች ሁሉ አወዳድሬ የሚስማማችሁን እመክራለሁ እያለ ሁሉንም ባለማወዳደሩ ነው። አብረውት የሚሠሩት የኤሌክትሪክ ሻጮች እንኳን ያላቸውን ዋጋ ሁሉ በገጹ አያቀርቡም ነበር። በአሜሪካም ሳውዝዌስት አየር መንገድ ዋጋውን ለማወዳደሪያ ገጾች ለብዙ ዓመታት ሳይሰጥ ቆይቶ፣ ጉግል ፍላይትስ ላይ መታየት የጀመረው በ2024 ነው። ከዚያ በፊት ያን ገጽ ብቻ የሚያይ ተጓዥ የሳውዝዌስት ርካሽ በረራ መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ባዶ ቦታ ምልክት የለውም፤ ስለዚህ የሆቴሉን ወይም የአየር መንገዱን የራሱን ገጽ መክፈት ግዴታ ይሆናል።

በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን አድልዎ ለመለየት ግን ብዙ ሙያ አይጠይቅም። ገጹ መጀመሪያ ሲከፈት የሚሰጠው ቅደም ተከተል አብዛኛውን ጊዜ «የተመረጡ» ወይም «ምርጥ» በሚል ስም የተሰየመ ነው። ይህ የገጹ ምርጫ እንጂ የዋጋ ቅደም ተከተል አይደለም። ከርካሽ ወደ ውድ የሚደረድረውን ይምረጡና የቀድሞው አንደኛ ስንተኛ ላይ እንደወረደ ይመልከቱ። ቀጥሎ አንድ ሆቴል ይያዙና ተጨማሪ ዋጋዎች የሚለውን ከፍተው የክፍሉን ዓይነት፣ ቁርሱን፣ የስረዛ ደንቡንና ግብሩን አስተያዩ። አራቱም አንድ ዓይነት ሆነው ዋጋው ከተለያየ፣ ውዱ ከላይ የተቀመጠበት ምክንያት ከእርስዎ ጥቅም ጋር አይገናኝም።

በዋጋ መደርደርም የራሱ ወጥመድ አለው፤ በተለይ በአውሮፕላን ትኬት። ሻጮች ከላይ ለመታየት ሲሉ ሻንጣን ከዋጋው ያወጡታል። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም። ለዘመድ የሚወሰደው ዕቃ የሚገባባቸውን ሁለት ሻንጣዎች ለየብቻ ሲከፍልባቸው፣ ከላይ የነበረው ርካሽ ትኬት አምስተኛ ላይ ካለው በልጦ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የሻንጣውን ብዛት በማጣሪያው ላይ ሳያስገቡ የሚመጣውን ዝርዝር ማመን አይገባም።

የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣውና ከሜይ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ደንብ፣ ገጾች ዝርዝራቸውን በምን መስፈርት እንደሚደረድሩና ለደረጃ ገንዘብ የተቀበሉ እንደሆነ እንዲገልጹ ያስገድዳል። ደንቡ በገንዘብ መደርደርን አይከለክልም፤ ማሳወቅን ብቻ ነው የሚጠይቀው። መግለጫው ብዙ ጊዜ ከዝርዝሩ አናት አጠገብ በትንሽ ምልክት ወይም በደቃቅ መስመር ይቀመጣል። ተጭነው ሲያነቡት የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ከሻጩ የሚገኝ ክፍያ በደረጃው ላይ ተጽዕኖ እንዳለው የሚናገር ዓረፍተ ነገር። ብዙዎቹ ገጾች ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፈውታል።

በአውስትራሊያ የተጣለው 44.7 ሚሊዮን ዶላር ገቢ የሚሆነው ለመንግሥት ነው። 38 ሚሊዮኑን አብልጠው የከፈሉት ተጓዦች ከቅጣቱ ላይ የሚደርሳቸው ድርሻ የለም።